ሁለት ሲም በአንድ ቀፎ፦ ጥሪው፣ መልእክቱና ዳታው በየትኛው ይሁን?

ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ቀፎ ኢትዮጵያ ገበያ ከገባ ቆይቷል። ለብዙ ዓመታት ግን ሁለተኛው ማስገቢያ ባዶውን ይቀመጥ ነበር፤ የሞላው ሰውም ቢሆን ሁለቱንም ሲም የሚገዛው ከኢትዮ ቴሌኮም ነው። አንዱ ቁጥር ለቤተሰብ፣ ሌላው ለሥራ ከመባል ያለፈ ልዩነት አልነበራቸውም፤ ኔትወርኩም ታሪፉም ያው ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። በ09 ከሚጀምረው መስመር ጎን በ07 የሚጀምር መስመር መጣ፤ የራሱ ጥቅል፣ የራሱ ዋጋና የራሱ ሽፋን ያለው። ከዚያ ወዲህ ባለ ሁለት ሲም ስልክ የያዘ ሰው ሦስት ነገር ለየብቻ መወሰን አለበት፤ ሲደውል በየትኛው፣ መልእክት ሲልክ በየትኛው፣ ኢንተርኔት ሲጠቀም በየትኛው። አብዛኛው ሰው ስልኩ በመጀመሪያው ቀን የመረጠለትን ይዞ ስለሚቀጥል ጥቅል ገዝቶ ሳለ ሂሳቡ ያልቅበታል፣ ወይም ሰዎች «ደወልንልህ፣ አይሠራም» ሲሉት ምክንያቱ አይገባውም።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከቀፎው ውስጥ ነው። ሁለት ሲም የሚይዙ ስልኮች ቁጥራቸው ሁለት ይሁን እንጂ፣ በብዙዎቹ ከኔትወርክ ጋር የሚነጋገረው የሬዲዮ ክፍል አንድ ብቻ ነው። ይህ አንድ ሬዲዮ ሁለት በር እንደሚጠብቅ ዘበኛ ይሠራል። ስልኩ ኪስ ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ኔትወርኩ «ጥሪ መጥቶልሃል» የሚለውን ምልክት የሚያሰራጨው በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም እንደ ኔትወርኩ አሠራር ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰና ከሁለት ሴኮንድ በትንሹ በሚበልጥ ጊዜ መካከል ነው። ሬዲዮው የአንደኛው ሲም ተራ ሲደርስ የዚያን ኔትወርክ ያዳምጣል፣ ምልክት ከሌለ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፣ ደግሞም ይመለሳል። መመላለሱ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ተጠቃሚው አያስተውለውም፤ ሁለቱም መስመሮች እኩል ክፍት ሆነው ይታዩታል፣ ሁለቱም ይጠራሉ።

ችግሩ የሚመጣው አንዱ መስመር ሲነሳ ነው። በ07 መስመር ወሬ ከተጀመረ ሬዲዮው በዚያ ተይዟል፤ የ09ን ኔትወርክ የሚያዳምጥ የለም። በዚህ መሐል በ09 የሚደውል ሰው «መስመሩ ተይዟል» የሚለውን ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው ስልኩ ከነጭራሹ እንደተዘጋ ወይም ከኔትወርክ ውጪ እንደሆነ የሚነግረውን መልእክት ነው። ባለስልኩ ግን ስልኩን በእጁ ይዞ እያወራ ነው። ስክሪኑ ላይ ከማውራቱ በፊት የነበረው የሁለተኛው ሲም የሲግናል ምልክት እንዳለ ሊታይም ይችላል፤ ስለዚህ በዓይን አይቶ መለየት ያስቸግራል። እርግጡን ማወቅ የፈለገ ሰው ሌላ ስልክ አንስቶ ይሞክረው፦ በአንዱ ሲም እያወራ ሳለ በሌላው ቁጥር ይደወልለት። ቢጠራ ቀፎው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ይችላል ማለት ነው፤ የማይገኝ ከሆነ ሬዲዮው አንድ ነው።

መልእክት ግን እንደ ጥሪ አይጠፋም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቀባዩ ካልተገኘ በኔትወርኩ ማእከል ይቆያል፤ ስልኩ ሲገኝም ይላካል። ስለዚህ በአንዱ ሲም ረጅም ወሬ ያወራ ሰው ስልኩን ሲዘጋ የሌላው ሲም መልእክቶች ተከታትለው «ቲን ቲን» እያሉ ይገባሉ። የሚያስቸግረው አንድ ዓይነት መልእክት ብቻ ነው፤ ባንክ ወይም ቴሌብር የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር። ይህ ቁጥር የሚያገለግለው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ወሬው እስኪያልቅ ሊያረጅ ይችላል። ስልክ እያወሩ በሌላው መስመር ገንዘብ ለማስተላለፍ ሲሞክሩ «ቁጥሩ አልመጣልኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ወሬውን ዘግቶ እንደገና መጠየቅ በቂ ነው።

በአንዳንድ ውድ ስልኮች ሁለቱም መስመሮች በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላሉ። ሌሎች አዳዲስ ቀፎዎች ደግሞ መላ አላቸው፤ በአንዱ ሲም ወሬ ላይ እያሉ የሁለተኛውን ጥሪ በመጀመሪያው ሲም ኢንተርኔት አሳልፈው ያመጡታል። ይህ ግን የሚሆነው የሁለተኛው ሲም ኩባንያ በዋይፋይ በኩል መደወልን የሚፈቅድ ከሆነ ነው። የስልኩ አቅም ብቻውን አይበቃም።

ወደ ምርጫው ከመግባት በፊት ቀፎውን መመርመር ይጠቅማል። *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ ሁለት የአይኤምኢአይ ቁጥሮች ከወጡ ስልኩ ሁለት መስመር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ መለያ ቁጥር አለ። ሲም ማስገቢያው ላይ ደግሞ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። በብዙ ስልኮች ሁለተኛው ቦታ የሚሞሪ ካርድም ቦታ ነው፤ ወይ ሁለተኛ ሲም፣ ወይ ሚሞሪ ካርድ እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አይቀበልም። ፎቶና ዘፈኑን ሚሞሪ ላይ ያደረገ ሰው ሁለተኛ ሲም ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያይ ይሻለዋል። ሦስት ጎድጓዳ ያለው ማስገቢያ ከሆነ ግን ችግር የለም።

ሌላው የሚታየው በዕድሜ የገፉ ስልኮች ላይ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ 3ጂና 4ጂ የሚቀበሉት በአንደኛው ሲም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ለጥሪና ለመልእክት ብቻ የሚበቃ 2ጂ ነው። ገዢው ፈጣን ኢንተርኔት ብሎ የገዛውን ሲም ሁለተኛው ቦታ ላይ ከከተተው ስክሪኑ ላይ «4G» በማለት ፈንታ «E» ወይም «G» የሚል ፊደል ይታያል፣ አንድ ፎቶ ለመክፈትም ደቂቃ ይፈጃል። ኔትወርኩን ከማማረር በፊት ሲሞቹን ማቀያየር ነው። ቦታቸው ሲለዋወጥ «4G» ከመጣ ጥፋቱ የኔትወርኩ አልነበረም።

አሁን ወደ ሦስቱ ምርጫዎች። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ምርጫው የሚነካው ወጪውን እንጂ ገቢውን አለመሆኑ ነው። «ለጥሪ ሲም አንድ» ብሎ የመረጠ ሰው በሲም ሁለት የሚመጣውን ጥሪ አልዘጋም፤ ሁለቱም እንደ ወትሮው ይጠራሉ። መልእክትም እንዲሁ ነው። ዳታ ግን የተለየ ነው፤ በአንድ ጊዜ ዳታ የሚይዘው አንድ ሲም ብቻ ነው። ሁለት ሲም ስላለ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፣ አንዱ ሲደክም ሌላው አይደርስለትም፤ ይህን እንዲያደርግ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር።

በሳምሰንግ ስልኮች ምርጫው የሚገኘው Settings ተከፍቶ፣ Connections ውስጥ፣ SIM manager በሚለው ስር ነው። እዚያ Calls፣ Messages እና Mobile data የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱን ነክቶ ሲም መምረጥ ይቻላል። በሌሎች የአንድሮይድ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ Network & internet ውስጥ SIMs የሚል ይገኛል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሌሎቹ ስሙን ትንሽ ስለሚቀያይሩት «SIM» የሚል ቃል ያለበትን መፈለግ ይቀላል፤ ሴቲንግ ላይ ያለውን የፍለጋ ሳጥን ተጠቅሞ ይህንኑ ቃል መጻፍም ይቻላል። እዚያው ለእያንዳንዱ ሲም ስም መስጠት ይፈቀዳል። «SIM 1» እና «SIM 2» የሚሉትን አጥፍቶ «ቴሌ» እና «ሳፋሪ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ግን በየጥሪው ፊት ስሙ ስለሚታይ ስሕተት ይቀንሳል። በአይፎን Cellular ወይም Mobile Service በሚለው ስር ዳታው ለብቻው፣ ጥሪው ደግሞ Default Voice Line በሚል ይመረጣል።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይታይ። መርካቶ ውስጥ ልብስ የምትነግድ ሴት አለች እንበል። የ09 ቁጥሯን ከዓመታት ጀምሮ ይዛዋለች፤ ደንበኞቿ፣ ጅምላ አከፋፋዮቿና ቤተሰቧ የሚያውቁት ይህንኑ ነው፣ ቴሌብሯና የባንክ መልእክቷም በዚሁ ነው የሚመጣው። ከሳፋሪኮም ደግሞ በ07 አንድ ሲም አውጥታለች፤ የዳታ ጥቅል የምትገዛው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም የልብሶቹን ፎቶና ቪዲዮ ቀኑን ሙሉ በቴሌግራም ትለቃለች።

ዳታው ምንም ጥያቄ የለውም፤ Mobile data ላይ 07ን ትመርጣለች። መልእክትም ግልጽ ነው፤ Messages ላይ 09ን። ይህ የሚጠቅማት መልእክት ስለምታበዛ አይደለም። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ሲከፈቱ ስልኩ የማን እንደሆነ ለማረጋገጥ ከራሱ ከስልኩ ድብቅ መልእክት ያስልካሉ። መልእክቱ ከ07 ከሄደ ባንኩ በመዝገቡ ያለው 09 ስለሆነ «ቁጥሩ አልተመዘገበም» ብሎ ይመልሳል፤ ሰዎችም መተግበሪያው ተበላሸ ብለው ቅርንጫፍ ድረስ ይሄዳሉ።

አስቸጋሪው ጥሪ ነው። የጥቅል ደቂቃ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሚሆነው ወደ ራሱ ኔትወርክ ሲደወል ነው፤ ወደ ሌላው ሲደወል ከዋናው ሂሳብ የሚቆረጥበት ጥቅል አለ። ነጋዴዋ ሁሉንም በ09 ካደረገች ወደ 07 የምትደውለው ከሂሳቧ ይሄዳል፤ ሁሉንም በ07 ካደረገች ደግሞ ደንበኛው የማያውቀው ቁጥር ስለሚያይ ላያነሳ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሻለው ሁልጊዜ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በብዙ ስልኮች Ask every time ወይም Always ask የሚል ምርጫ አለ፤ በተደወለ ቁጥር ስልኩ «በየትኛው?» ብሎ ሁለቱን ያሳያል። አንድ ተጨማሪ ንክኪ ነው፤ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ለሚደውል ሰው መሰልቸቱ አይቀርም። ቢሆንም የሰው ምርጫ ይቀየራል፤ የስልኩ ቋሚ ምርጫ ግን ወደ ማን እየተደወለ እንደሆነ አያውቅም። በአይፎን ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ስም የትኛው መስመር እንደሚደውል መወሰን ይቻላል፤ ካልተወሰነም ባለፈው ጊዜ ለዚያ ሰው የተደወለበትን መስመር ይከተላል።

በኮከብ የሚጀምሩት ኮዶች ላይ ጥንቃቄ ያሻል። *804# የኢትዮ ቴሌኮምን ሂሳብ ያሳያል፣ *127# ቴሌብርን ይከፍታል፤ ሁለቱም የሚሠሩት በራሱ በቴሌ ሲም ሲደወሉ ነው። ስልኩ በ07 ከላካቸው የሚመልሰው ብዙ ጊዜ «Connection problem or invalid MMI code» የሚል ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ኔትወርክ የጠፋ ስለሚያስመስል ሰው ደጋግሞ ይሞክራል፤ በእርግጥ ግን ኮዱ የተላከው ወደማያውቀው ኔትወርክ ነው። ምርጫው «ሁልጊዜ ይጠይቅ» ላይ ከሆነ ለኮዱም ይጠይቃል። ካልሆነ ደግሞ የመደወያ ቁልፉ ሁለት ሆኖ ይታይ እንደሆነ ማየት ነው፤ አንዳንድ ቀፎዎች አረንጓዴውን ቁልፍ «1» እና «2» ብለው ይከፍሉታል።

ያው ነጋዴ በ09 ደንበኛ እያነጋገረች ሳለ በቴሌግራም የምትለቀው ቪዲዮ ይቆማል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሬዲዮው ለጥሪው ወደ 09 ሄዷል፣ ዳታው ያለው በ07 ነው። ወሬው ሲያልቅ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይመለሳል። ዳታው ባለበት ሲም ስታወራ ደግሞ ሁኔታው ይለያል። ጥሪው በራሱ በ4ጂ የሚያልፍ ከሆነ፣ ማለትም ቮልቲ የሚባለው አገልግሎት ከበራና ስልኩም ከቻለ፣ ዳታው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ካልሆነ ስልኩ ለጥሪው ብሎ ወደ 3ጂ ይወርዳል፣ ዳታውም ይዳከማል፤ ወደ 2ጂ ከወረደ ብዙውን ጊዜ ከነጭራሹ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ማየት በቂ ነው፤ ሲደወል «4G» ወደ «H» ወይም «E» ከተቀየረ ጥሪው በ4ጂ እየሄደ አይደለም።

ስልኮች ለዚህ መፍትሔ ብለው ያመጡት አንድ ማብሪያ አለ። በሳምሰንግ Auto data switching፣ በአይፎን Allow Cellular Data Switching ይባላል። ሲበራ ጥሪ ላይ ያለው ሲም ለጊዜው ዳታውንም ይይዛል፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ የዳታው ሲም ሲግናል ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ጥሩ ይመስላል፣ ለብዙ ሰውም ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ሂሳብ ሳይታወቅ የሚያልቀው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የነጋዴዋ የዳታ ጥቅል ያለው 07 ላይ ብቻ ነው፤ ማብሪያው በርቶ በ09 ካወራች ስልኩ ከበስተጀርባ የሚያወርደው ሁሉ፣ የቴሌግራም ቪዲዮ፣ የመተግበሪያ ማሻሻያ፣ የፎቶ መጠባበቂያ፣ በ09 ይሄዳል። 09 ላይ የዳታ ጥቅል ስለሌለ ክፍያው ከዋናው ሂሳብ በሜጋባይት ሒሳብ ይቆረጣል፤ ይህ ደግሞ ከጥቅል ዋጋ ብዙ እጥፍ ውድ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በሁለቱም ሲም ላይ የዳታ ጥቅል ያለው ሰው ያብራው፣ በአንዱ ብቻ ያለው ያጥፋው። ሂሳቡ ያለምክንያት እያለቀ ያለ የሚመስለው ሰው ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀምን ይክፈት። እዚያ ለእያንዳንዱ ሲም የወጣው ዳታ ለየብቻው ተመዝግቧል። ዳታ በማይጠቀሙበት ሲም ስር ሜጋባይት ከተቆጠረ ምክንያቱ ተገኘ።

ወደ ጠፋው ጥሪ እንመለስ፤ መላ አለውና። ጥሪ ማዞር የሚባለው አገልግሎት በአራት ሁኔታ ሊታዘዝ ይችላል፤ ሁልጊዜ፣ መስመሩ ሲያዝ፣ ሳይነሳ ሲቀር እና ስልኩ ሊገኝ በማይችልበት ጊዜ። ለባለ ሁለት ሲም የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ ሲም እየተወራ ሳለ ሌላው ለኔትወርኩ የሚታየው «የማይገኝ» ሆኖ ነው። ነጋዴዋ ከ09 ሲም የሚከተለውን ትደውላለች፤ በክፍት ቦታው የራሷን የ07 ቁጥር ሙሉ ጽፋ፦

```
**62*07XXXXXXXX#
```

ስልኩ ጥቂት ቆይቶ አገልግሎቱ እንደተመዘገበ የሚገልጽ ጽሑፍ ያሳያል። ከዚህ በኋላ በ07 እያወራች ሳለ በ09 የሚደውል ሰው ወደ 07 ይዞራል። በ07 የጥሪ ማቆያ ከበራ፣ ማለትም *43# ተደውሎ ከነበረ፣ ጆሮዋ ላይ ሁለተኛ ጥሪ መግባቱን የሚነግር ድምፅ ትሰማለች፣ ቁጥሩንም ታያለች። ያንኛውን አቆይታ ማንሳት ወይም በኋላ መልሳ መደወል የእሷ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫም፣ ከ07 ወደ 09፣ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። መመዝገቡን ለማየት *#62#፣ ለመሰረዝ ##62# ነው።

ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ ይታወቅ። አንደኛው ዋጋው ነው፤ የዞረው ጥሪ ከ09 ወደ 07 የተደወለ ያህል ተቆጥሮ የሚከፈለው ከተቀባዩ፣ ማለትም ከነጋዴዋ የ09 ሂሳብ ነው። የደወለው ሰው የሚከፍለው እስከ 09 ድረስ ያለውን ብቻ ነው። 09 ላይ ሂሳብ ከሌለ ጥሪው አይዞርም። ሁለተኛው፣ ወደ ሌላ ኩባንያ ቁጥር ማዞር እንደ ኦፕሬተሩ ፈቃድና እንደ መስመሩ ዓይነት ሊከለከል ይችላል፤ ኮዱ «አልተሳካም» ካለ የደንበኞች አገልግሎትን መጠየቅ ነው። ከተመዘገበ በኋላም በሦስተኛ ስልክ መሞከር ሳይረሳ። ኮዱ ተቀባይነት አግኝቶ ጥሪው ግን የማይዞርበት ጊዜ አለ፤ ይህን የሚያሳየው ሙከራው ብቻ ነው።

ቴሌግራምና ዋትስአፕ ብዙ ሰው የሚያደናግሩት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ መተግበሪያዎች የሚያውቁት የተመዘገቡበትን ቁጥር ነው፤ ዳታው በየትኛው ሲም እንደሚመጣ ግድ የላቸውም። በ09 የተከፈተ ቴሌግራም ዳታው በ07 ቢሆን፣ በቤት ዋይፋይ ቢሆን ያው ይሠራል። ስለዚህ የዳታ ሲም በተቀየረ ቁጥር «ቁጥርህን ቀይር» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አይቀበሉት፤ ከተቀበሉት መለያው ወደ አዲሱ ቁጥር ይዛወራል። ሁለቱንም ቁጥር በሁለት መለያ መያዝ የፈለገ ሰው በቴሌግራም መለያ መጨመር ይችላል፤ ዋትስአፕም ከ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ በአንድሮይድ ስልኮች ሁለት መለያ በአንድ መተግበሪያ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ሲም የሚፈለገው የማረጋገጫውን ቁጥር ለመቀበል ብቻ ነው።

ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው ሁለት ሲም ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ስሕተቱ ግን ከሁሉ ይበልጥ ውድ ነው። ከአሜሪካ ለበዓል አዲስ አበባ የመጣ ሰው የአሜሪካ ቁጥሩን መዝጋት አይችልም፤ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልክለት በዚያ ነው። ክፍት አድርጎ መተው ደግሞ የሮሚንግ ሒሳብ ሊያስከትል ይችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው። የአሜሪካው መስመር እንደበራ ይቆይ፣ በዚያ መስመር ስር Data Roaming ይጥፋ። ዳታውና ጥሪው ወደ አገር ውስጡ ሲም ይዛወር። ከላይ የተነገረው ራሱን ዳታ የሚቀያይረው ማብሪያም ይጥፋ። እንዲህ ሲሆን የባንክ መልእክት ይገባል፣ ኢንተርኔቱ በአገር ውስጥ ዋጋ ይሄዳል። በአሜሪካው ቁጥር የሚመጣ ጥሪ ግን አለማንሳት ነው፤ በሮሚንግ ላይ መቀበልም በደቂቃ ያስከፍላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስልኩ ሌላ ሲም የሚቀበል ከሆነ ነው። በውጭ አገር በየወሩ እየተከፈለ የተገዛ ስልክ በኩባንያው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ የአገር ውስጥ ሲም ሲገባ «SIM Not Supported» ይላል። ከመነሳት በፊት አይፎን ላይ Settings፣ General፣ About ተከፍቶ Carrier Lock የሚለው ፊት ለፊት «No SIM restrictions» ካለ ክፍት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አይፎኖች ደግሞ ከአይፎን 14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት ከስልኩ ጋር በተሠራው ኢሲም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ የያዘ ሰው ሱቅ ላይ ፕላስቲክ ሲም ቢገዛ የሚከትበት ቦታ ስለማያገኝ በቀጥታ ኢሲም ብሎ መጠየቅ አለበት። ቀፎው በርካታ ኢሲም ማስቀመጥ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት ግን ሁለት ናቸው።

ባትሪን በተመለከተ ሁለት ሲም ከአንድ ሲም ጥቂት ይበልጥ ይበላል፤ በመደበኛ ቀን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። የሚታየው አንደኛው ሲም ሽፋን ወደሌለበት ቦታ ሲሄዱ ነው። ሬዲዮው የጠፋውን ኔትወርክ ሳይሰለች ስለሚፈልግ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪውም ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል። ከከተማ ርቆ የሚሄድ ሰው በዚያ አካባቢ የማይሠራውን ሲም ከሴቲንግ ለጊዜው ቢያጠፋው ችግሩ ይቀራል፤ ካርዱን ማውጣት አያስፈልግም። ሲመለስ እዚያው ያበራዋል።

ካርዱ ከወጣ ወይም ቦታው ከተቀየረ ግን ሌላ ነገር ይከሰታል። ብዙ ስልኮች ሲም ሲወጣና ሲገባ የጥሪ፣ የመልእክትና የዳታ ምርጫውን እንደ አዲስ ያቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ዳታውን ወደ ቀረው ሲም ያዛውራሉ። የጠፋው ሲም ተተክቶ ሲመለስ ዳታው ያለው በማይፈለገው ላይ ሊሆን ይችላል። ሲም ባወጡ ወይም በለወጡ ቁጥር SIM manager ገብቶ ሦስቱንም ማየት፣ የዳታ ማብሪያውንም አብሮ ማየት ይገባል።